የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ሊወስድ ያልመጣው ሻጭ

ይህን የምጽፈው ሂሳብ ክፍል ውስጥ ለምትሠሩ፣ በተለይ ደግሞ ገና ጀማሪ ሆናችሁ የሌላ ሰው ፋይል ለተረከባችሁ ልጆች ነው። በየወሩ የሚከፈል አንድ ሂሳብ ነበር። ቫውቸሩ የተሟላ፣ ፊርማው በቦታው፣ ማኅተሙ የተመታ። ወረቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም አያገኝበትም። ሻጩ ግን የትም አልነበረም። እንዴት እንደደረስኩበት፣ ከደረስኩበት በኋላ ምን እንደተፈጠረ፣ የት የት ላይ ነገሩ ሊበላሽ እንደነበር በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ነሐሴ 2014 ላይ አንድ መካከለኛ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ በጁኒየር አካውንታንትነት ተቀጠርኩ። ቢሮው ቦሌ አካባቢ ነው፣ መጋዘኑ ቃሊቲ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ለቅቃ ስለነበር ርክክቡ በጣም አጭር ነበር። ቁልፍ፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩ የፒችትሪ ፓስወርድ፣ የቦክስ ፋይሎች ዝርዝር፣ አለቀ። ሥራዬ ቫውቸር ማዘጋጀት፣ ፒችትሪ ላይ መመዝገብ፣ የባንክ ማስታረቂያ መሥራትና ወርኃዊ የዊዝሆልዲንግ ማሳወቂያ ማዘጋጀት ነበር።

የክፍያው ሥርዓት እንዲህ ነው። ከ20,000 ብር በላይ የሆነ ክፍያ ሦስት ፕሮፎርማና የዋና ሥራ አስኪያጁ ፊርማ ይፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ፋይናንስ ኃላፊውና የአስተዳደርና ግዢ ኃላፊው ሁለቱ ፈርመው ቼኩ ይወጣል። ይህችን ነገር ያዟት፣ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ክላሰር ነው። በሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለሌላው አንባቢ ግን ላብራራው። አንድ ድርጅት ከሻጭ አገልግሎት ሲገዛ በዚያን ጊዜ በነበረው አሠራር ዋጋው ከ3,000 ብር ካለፈ ሁለት በመቶ ቀንሶ ያስቀርና ለመንግሥት ገቢ ያደርጋል፤ ዊዝሆልዲንግ የሚባለው ይህ ነው። ለሻጩ ደግሞ የተቀነሰበትን የሚያሳይ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ያ ደረሰኝ ለሻጩ ገንዘብ ነው። ዓመታዊ ግብሩን ሲያሳውቅ ቀድሞ እንደከፈለው ይያዝለታል። ስለዚህ ሻጮች ለዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ያላቸውን ጉጉት ልነግራችሁ አልችልም። ቼኩን ሳይቀበሉ «ዊዝሆልዲንጌስ?» የሚሉ አሉ። ሞተረኛ ይልካሉ፣ ይደውላሉ፣ የቢሮ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ሳይወሰዱ የቀሩ ዋና ደረሰኞች የሚቀመጡበት አንድ ክላሰር ነበረን። መስከረም መጨረሻ ላይ ሳስተካክለው አብዛኛው የተበታተነ ነው፤ ከአንዱ አንድ፣ ከሌላው ሁለት። አንድ ሻጭ ግን የራሱ ክምር ነበረው። የጄነሬተር ጥገና ድርጅት ነው። ከመስከረም 2014 እስከ መስከረም 2015 ድረስ የተቆረጡለት 13 ደረሰኞች አንዳቸውም ሳይወሰዱ ቁጭ ብለዋል። እያንዳንዳቸው 370 ብር።

መጀመሪያ ያሰብኩት ቸልተኛ ሰው መሆኑን ነው። ነገር ግን የሻጩ ደረሰኝ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ የለም። ትንሽ ነጋዴ ነው ማለት ነው፣ ምናልባትም ደረጃ ሐ። በዚያን ጊዜ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የሚያሳውቁት በሐምሌ ነበር። በሐምሌ ወር ሂሳብ ክፍል ሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ ስልኩ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ሁሉ «ደረሰኝ ቀርቶኛል» እያለ የሚመጣበት ወር ነው። ይህ ሰው ሐምሌ አልፎት፣ ነሐሴ አልፎት አልመጣም። ገንዘብ ያዥዋን «ይሄ የጄነሬተሩ ሰውዬ ምን ዓይነት ነው?» አልኳት። «እኔ አይቼው አላውቅም፣ ቼኩን ሁልጊዜ አስተዳደር ነው የሚወስድለት» አለችኝ። እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ። እሷ ዘንድ በእርግጥም ተራ ነገር ሆኖ ቆይቷል።

ያን ቀን ማታ ላይ ሰው ሲቀንስ ቫውቸሮቹን አወጣሁና ከመስከረም ጀምሬ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። አንድ ምክር ከዚህ ላይ ልስጣችሁ። አንድን ክፍያ ስትጠራጠሩ ያንን አንዱን ቫውቸር ደጋግማችሁ አትዩት። ምንም አይነግራችሁም። የዚያን ሻጭ ቫውቸሮች በሙሉ አውጡና ጎን ለጎን አድርጓቸው። ፒችትሪ ላይ Vendor Ledgers የሚለውን ሪፖርት ብታወጡ የሻጩን እንቅስቃሴ በሙሉ በአንድ ገጽ ያሳያችኋል፤ ወረቀቱን ግን በዓይን ማየት ይበልጣል።

ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተናገሩ። ዋጋው በየወሩ 18,500 ብር ነው። ሁለት በመቶው ሲቀነስ 18,130። አንዴም አልጨመረም፣ አንዴም አልቀነሰም። በዚያ ዓመት እኮ የሞተር ዘይት ዋጋ ዝም ብሎ የከረመበት ጊዜ አልነበረም፤ የመኪናዎቻችን ሰርቪስ ሂሳብ በየጊዜው ነበር የሚሰቀለው። የጄነሬተሩ ደረሰኝ ላይ ግን «የዘይትና የፊልትሮ ቅያሪ፣ አጠቃላይ ፍተሻ» የሚለው ጽሑፍም ዋጋውም እንዳለ ይደገማል። 20,000 ለመሙላት ትንሽ ብቻ የቀረው ዋጋ ነው። ያቺ ያዟት ያልኳችሁ ገደብ ትዝ ትበላችሁ።

ቀጥሎ ሻጩ የቆረጠልንን ደረሰኝ ቁጥር አየሁ። በእጅ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው። የመስከረም 2014ቱ 0051 ይላል። የጥቅምቱ 0052። የኅዳሩ 0053። እንዲህ እያለ እስከ 0063። አስቡት፣ ይህ የጥገና ድርጅት ከዓመት በላይ ከእኛ በስተቀር ለማንም ደረሰኝ አልቆረጠም ማለት ነው። እንዲያ ያለ ጋራዥ የቤት ኪራዩን በምን ይከፍላል?

ከዚያ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቼ የግርጌውን ጽሑፍ ፈለግኩ። በፈቃድ የታተመ ደረሰኝ ግርጌው ላይ በትንንሽ ፊደል የማተሚያ ቤቱ ስምና የታተመበት ጊዜ ይኖራል። በሌሎቹ ሻጮች ደረሰኝ ላይ አለ። በዚህኛው ላይ የለም። ግርጌው ነጭ ነው።

ሌላም ነበር። በመጀመሪያው ቫውቸር ጀርባ «ክፍያችን በወኪላችን በአቶ እገሌ ስም እንዲዘጋጅልን» የሚል፣ ማኅተም ያለው አንድ አንቀጽ ደብዳቤ ተያይዟል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቼኮች ሁሉ በዚያ ግለሰብ ስም ነው የወጡት። የጥገናው ሥራ «በትክክል መከናወኑን አረጋግጣለሁ» ብሎ የፈረመው የአስተዳደርና ግዢ ኃላፊው ነው። ጥያቄውን ያቀረበውም እሱ ነው። ከሁለቱ የቼክ ፈራሚዎች አንዱም እሱ ነው። ቼኩን የሚወስደውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አገልግሎት ግዢ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያስተውለውም። ዕቃ ሲገዛ መጋዘን ይገባል። ንብረት ክፍሉ ቆጥሮ የገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው መሃል ይገባል። ጥገና፣ ጽዳት፣ ማማከር፣ ትራንስፖርት የሚባሉት ግን መጋዘን አይገቡም። «ተሠርቷል» የሚል አንድ ፊርማ ይበቃቸዋል። የሌለ ሻጭ ሲፈጠር ወረቀት ወይም ቶነር ሻጭ ሆኖ የሚመጣው ጥቂት ነው። የሚመጣው አገልግሎት ሆኖ ነው።

በማግስቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን አጣራሁ። ይህን ማንም ማድረግ ይችላል። etrade.gov.et ላይ ገብታችሁ ቲን ቁጥር ስታስገቡ በዚያ ቁጥር የተመዘገበውን የንግድ ፈቃድ ያሳያችኋል። ደረሰኙ ላይ ያለውን አሥር አሃዝ አስገባሁ። የወጣው ስም ሌላ፣ የሥራው ዓይነት የልብስ ንግድ፣ አድራሻውም ክፍለ ሀገር። ጄነሬተር የሚባል ነገር የለበትም።

ደንግጬ ነበር፣ ግን ወዲያው ተነስቼ አልሮጥኩም። ምክንያቱም እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ሌላ ማብራሪያ ሊኖረው ይችላል። አንድ አሃዝ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው የንግድ ዘርፉን ቀይሮ ሊሆን ይችላል። በዘመድ ፈቃድ የሚሠራ መካኒክም ሞልቷል፤ ያ ጥፋት ቢሆንም ሥራው በትክክል ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። በሰው ላይ ክስ ከማቅረባችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፤ የተከፈለበት ሥራ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም? ይህ ደግሞ ከወረቀት አይገኝም። ጄነሬተሩ ያለበት ቦታ መሄድ ያስፈልጋል።

ለመሄድ ሰበብ መፍጠር አላስፈለገኝም። የዓመቱን የሂሳብ መግለጫ እያዘጋጀን ስለነበር የቋሚ ንብረት ቆጠራ ይቀር ነበር። ዝርዝሩን ይዤ ቃሊቲ ሄድኩ። ወንበሩንም፣ ሚዛኑንም፣ ፎርክሊፍቱንም ቆጠርኩ። ጄነሬተሩ ዘንድ ስደርስ የመጋዘኑ ጥበቃ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የቆርቆሮውን በር ከፈቱልኝ።

የጄነሬተሩ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚቆጥር ትንሽ መስኮት አለ። 1,146 ይላል። ከጎኑ በሞተሩ ሽፋን ላይ የተለጠፈ፣ ጠርዙ የተላጠ ወረቀት አለ። የመጨረሻው ሰርቪስ የተደረገበት ቀን ጥር 2013፣ ሰዓቱ 1,102፣ የሚቀጥለው ሰርቪስ 1,352 ላይ። እጄ ላይ ያለውን ደረሰኝ አሰብኩ። በየወሩ የዘይትና የፊልትሮ ቅያሪ። ጄነሬተሩ ግን ከዚያ ሰርቪስ ወዲህ የሠራው 44 ሰዓት ብቻ ነው። ወረቀቱ እንደሚለው ዘይት የሚቀየረው በየ250 ሰዓቱ ነው። ብዙ ባይሠራ እንኳን በዓመት አንዴ ይቀየር ቢባል አንድ ጊዜ ነው፣ ሁለት ጊዜ ነው። 13 ጊዜ አይሆንም።

«አባባ፣ ይሄን የሚጠግኑት ሰዎች መቼ ነው የመጡት?» አልኳቸው።

«የት መጥተው ልጄ! ባትሪው ከሞተ ቆየ እኮ። መብራት ሲሄድ ጨለማ ውስጥ ነው የምናድረው። ለአስተዳደር ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ መሰለሽ» አሉኝ።

የመግቢያ መዝገባቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። እሳቸው በጣም ጥንቁቅ ናቸው። የሚገባ የሚወጣ መኪና ሁሉ ሰሌዳው ተጽፏል፣ የውኃ ቦቴው፣ የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሳይቀሩ። የጄነሬተር መካኒክ የሚባል ሰው በተከፈለባቸው ወራት ውስጥ አልገባም። የቆጣሪውንና የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አነሳሁ። በቆጠራው ቅጽ ላይም «ጄነሬተር፣ የቆጣሪ ንባብ 1,146፣ ባትሪ አይሠራም» ብዬ ጻፍኩና እሳቸውም እኔም ፈረምንበት። ይህ ፊርማ ኋላ ላይ ከሁሉም ወረቀት በላይ ጠቀመ፤ በተለመደው ሥራ ላይ የተሞላ ስለሆነ ማንም «ሆን ብላ ያዘጋጀችው ነው» ሊለው አልቻለም።

በዚያው ሳምንት የጥቅምት ጥያቄ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ደረሰኝ ቁጥር 0064። 18,500 ብር። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከበደኝ ያ ነው። እስከዚያ ድረስ የማየው አብዛኛው የሌሎች ሥራ ነበር፤ አሁን ግን እያወቅኩ በቫውቸሩ ላይ አዘጋጅ በሚለው ቦታ የሚገባው የእኔ ስም ነው። ይህን ስታነቡ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያላችሁ ካላችሁ ስሙኝ፤ ክፍያን ለማቆም ማንንም ሌባ ማለት አያስፈልጋችሁም። የተለመደ ሰነድ ጠይቁ። ወሩ ጥቅምት ነው፣ የንግድ ፈቃድ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 30 ነው የሚታደሰው። በጥያቄው ላይ «የታደሰ የንግድ ፈቃድና የቲን ምዝገባ ምስክር ወረቀት ኮፒ ይሟላ» ብዬ ጽፌ በመዝገብ አስፈርሜ መለስኩት። ለዚያ ሻጭ ብቻ እንዳይመስል በዚያ ቀን በእጄ ላይ ለነበሩት ለሌሎቹ ሻጮችም እንዲሁ አደረግኩ። ሌሎቹ በሁለት በሦስት ቀን ኮፒውን ላኩ። ከጄነሬተሩ ሰውዬ ምንም አልመጣም። የመጣው የአስተዳደር ኃላፊው ራሱ ነው።

«እኅቴ፣ አዲስ ስለሆንሽ ነው። ይሄ የቆየ ሻጫችን ነው፣ አታጨናንቂው» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። «ኦዲተሮቹ እየጠየቁ ነው፣ ለሁሉም ነው የጠየቅሁት» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ወጣ።

ከዚያ ለቅርብ አለቃዬ ለፋይናንስ ኃላፊው ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነው፣ በነገሩ እጁ የለበትም፣ ያንን አሁን በእርግጠኝነት አውቃለሁ። ግን እዚህ ላይ ነገሩ ሊጠፋ ነበር። እሱ የሰማውን ይዞ ቀጥታ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ሄደና «ይሄ የጄነሬተሩ ነገር ምንድነው? ልጅቷ ጥያቄ አንስታለች» አለው። ቅን ልብ ነው፤ ከሥራ ባልደረባው ማብራሪያ መጠየቁ ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ያ ሰው ሂሳብ ክፍል ገብቶ የጥገናውን ቦክስ ፋይል «ለአንድ ጉዳይ እፈልገዋለሁ» ብሎ ጠየቀ።

ቫውቸሮቹን ከነደጋፊ ሰነዳቸው በቢሮው ማሽን ስካን አድርጌ በሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬ ነበር። ዋናውን ግን አልሰጥም ማለት አልችልም፣ ኃላፊ ነው። ስለዚህ የፋይል መውሰጃ መዝገብ አውጥቼ «ከቫውቸር ቁጥር ይህን እስከዚህ፣ በውስጡ 13 ቫውቸር» ብዬ ጻፍኩና እንዲፈርም ሰጠሁት። መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ፣ «ቆይ ኋላ እወስደዋለሁ» ብሎ ትቶት ሄደ። አልተመለሰም። በየቢሮው የፋይል መውሰጃ መዝገብ የማይኖረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።

ስለዚህ፣ የሚመለከተው ሰው እዚያው ቢሮ ውስጥ ፈራሚ ከሆነ በደረጃ በደረጃ መሄድ አደገኛ ነው። ፈራሚ ላልሆነና የመጨረሻ ሥልጣን ላለው ሰው ነው መድረስ ያለበት። የእኛ ቢሮ ውስጥ ያ ሰው ዋና ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። ፋይናንስ ኃላፊውን «አብረን እንግባ» አልኩት፣ ተስማማ።

ይዤ የገባሁት አንድ ገጽ ነው። የክፍያዎቹ ዝርዝር በሠንጠረዥ፤ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ መጠን፣ የቼክ ቁጥር። ጠቅላላ 240,500 ብር፣ ከዚህ ውስጥ በቼክ የወጣው 235,690፣ በዊዝሆልዲንግ የተቀነሰው 4,810። ከሥር አራት ዐረፍተ ነገር፤ ደረሰኞቹ ተከታታይ ናቸው፣ ቲኑ በሌላ ስም ነው፣ የጄነሬተሩ ቆጣሪ ይህን ይላል፣ የመግቢያ መዝገቡ ይህን ይላል። ማጭበርበር፣ ስርቆት፣ ሐሰተኛ የሚሉ ቃላት የሉበትም። የማንንም ስም አልጻፍኩም። መጨረሻ ላይ «ተጨማሪ ማጣራት ቢደረግ» ብቻ ነው ያልኩት። እንዲህ ብታደርጉ እናንተን ይጠብቃችኋል። አንባቢው ራሱ ድምዳሜው ላይ ይደርሳል፤ ተሳስታችሁ ከሆነም የማንንም ስም አላጠፋችሁም።

ሥራ አስኪያጁ ገጹን ሁለቴ አነበቡት። «ጄነሬተሩ አይነሳም እንዴ?» ብለው ነው የጀመሩት። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፣ «ቼኩ በማን ስም ነው?» ደብዳቤውን አሳየኋቸው።

ድርጅቱ ለባንኩ ደብዳቤ ጻፈ። የተከፈለ ቼክ ኮፒ ለሒሳቡ ባለቤት ይሰጣል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ኮፒዎቹ ሲመጡ በጀርባቸው ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ስምና ፊርማ አለ። ያ «ወኪል» የተባለው ግለሰብ የአስተዳደር ኃላፊው የሚስት ወንድም ሆኖ ተገኘ። በደረሰኙ ላይ ባለው አድራሻ ሰው ተልኮም ነበር፤ በዚያ ሕንፃ እንዲህ ያለ ድርጅት ተከራይቶ እንደማያውቅ የሕንፃው አስተዳደር ነገረው። የደረሰኙ ስልክ ቁጥር አገልግሎት ላይ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ ማንም አላዘጋጀኝም ነበር፣ ስለዚህ እናንተን ላዘጋጃችሁ። ሽማግሌ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ብቻ አይደለም፣ እኔም ዘንድ። ሰውዬው ልጆች እንዳሉት፣ እናቱ እንደታመሙ፣ እኔ «ተሳስቻለሁ» ብል ነገሩ በዕርቅ እንደሚያልቅ ነገሩኝ። የማከብራቸው የሥራ ባልደረቦች ናቸው የመጡት። ምሳ ሰዓት ላይ አብረውኝ ይበሉ የነበሩ ሰዎች ጠረጴዛ መቀየር ጀመሩ። ማታ ማታ እንቅልፍ አጣሁ። የሠራሁት ሥራዬን ሆኖ ሳለ የሰው እንጀራ የዘጋሁ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

ያረፍኩት እናቴ «አንቺ የጻፍሽው ቆጣሪው ያለውን አይደል?» ስትለኝ ነው። እውነቷን ነው። ለሚመጣው ሁሉ የምመልሰው አንድ ሆነ፤ «እኔ ያየሁትን አስረክቤያለሁ፣ ውሳኔው የእኔ አይደለም፣ ሥራ አስኪያጁን ያነጋግሩ።» ደጋግሜ ይህንኑ አልኩ። ስለ ሰውዬው ባሕርይ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ መኪናው ከማንም ጋር አላወራሁም። እናንተም አታውሩ። ቢሮ ውስጥ የተወራ ነገር ተመልሶ ራሳችሁ ላይ ይመጣል።

መጨረሻው በስምምነት ነው ያለቀው። ሰውዬው ገንዘቡን በሦስት ጊዜ መለሰና ለቀቀ። ወደ ፖሊስ አልተሄደም። በዚህ ውሳኔ እስካሁን አልስማማም። ያ ሰው ዛሬ ሌላ ቦታ የግዢ ኃላፊ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ያ ቦታ ደግሞ እንደኛው 20,000 ብር ገደብ ይኖረዋል። ግን ድርጅቱ የእኔ አይደለም።

በሽማግሌ የማያልቀው ግን ግብሩ ነው። ይህን ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ከመስከረም እስከ ሰኔ 2014 የተከፈሉት አሥሩ ክፍያዎች፣ 185,000 ብር፣ በወጪነት ተይዘዋል። ያልተሠራ ሥራ ወጪ አይደለም። የድርጅት ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው፣ ስለዚህ እንዲያው ብናሳውቅ 55,500 ብር ያህል ግብር ቀንሰን ማሳወቃችን ነው፤ ያውም በሐሰተኛ ደረሰኝ፣ ያ ደግሞ በግብር አስተዳደር አዋጁ በወንጀል ያስጠይቃል። ዕድል ሆኖ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የሚያሳውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነውና ገና አላስገባንም ነበር። ከወጪ አውጥተን ከሰውዬው የሚሰበሰብ ሂሳብ አድርገን መዘገብነው። በልብስ ነጋዴው ቲን ስለገባው ዊዝሆልዲንግም ለግብር ቅርንጫፋችን በደብዳቤ አሳወቅን። ያ ሰው ምንም ሳያውቅ በስሙ ገቢ ተመዝግቦበት ነበር። አስቡት፣ ነገ «ይህን ገቢ የት ደበቅከው?» ቢባል ምን ይመልሳል?

ከዚያ በኋላ የተለወጠው ጥቂት ነገር ነው፣ ግን ይሠራል። እዚያ እስከነበርኩ ድረስ አዲስ ሻጭ ፒችትሪ ላይ የሚከፈተው በእኔ ሆነ፣ ከመክፈቴ በፊትም ፈቃዱን ራሴ አጣራ ነበር። ከገዢው በሚሰጠኝ ስልክ ብቻ አልደውልም ነበር፣ ሌላ ምንጭ እፈልግ ነበር። ቼክ በሻጩ ድርጅት ስም ብቻ እንዲወጣ ተደረገ፤ በወኪል ስም የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሄድ ነበር። ለአገልግሎት ደግሞ «ተሠርቷል» ብሎ የሚፈርመው ሥራው የተሠራበት ቦታ ያለ ሰው ሆነ። ለጄነሬተሩ የሚፈርሙት ጥበቃው አባባ ሆኑ፣ ከነቆጣሪው ንባብ። በየሦስት ወሩም ያልተወሰዱ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞችን ዝርዝር አውጥቼ ለፋይናንስ ኃላፊው እሰጥ ነበር። ሦስት ደረሰኝ ያከማቸ ሻጭ ካለ እንጠይቅ ነበር።

ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ ኋላ ላይ ደውዬ አገኘኋት። እሷም ጠርጥራ ነበር። «ሰውዬው ለምን ደረሰኙን አይወስድም?» ብላ በቃል ጠይቃ «አንቺ ምን አገባሽ» ተብላለች። የሚመሰክርላት አንድ ወረቀት የለም። ሥራውን የለቀቀችው በሌላ ምክንያት ነው፣ ግን ነገሩ ቢፈነዳ አዘጋጅ በሚለው ቦታ ላይ ያለው የእሷ ፊርማ ነው። ስለዚህ ጥያቄ ስታነሱ፣ ትንሽም ብትሆን፣ በጽሑፍ አንሱ። በማስታወሻ፣ በኢሜል፣ በቫውቸሩ ጥግ ላይ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ ከቀን ጋር።

የቢሮ ሰነድ ግን ወደ ቤት አትውሰዱ፣ በግል ቴሌግራማችሁም አትላኩ። ብዙዎች «መረጃዬን ልያዝ» ብለው ይህን ያደርጉና ራሳቸው ተጠያቂ ይሆናሉ። እኔ ዘንድ የቀረው ለሥራ አስኪያጁ ያስገባሁት የአንዱ ገጽ ማስታወሻ ኮፒ ነው፣ «ደርሶኛል» ተብሎ የተፈረመበት። ሥራ ስቀይር ከልምድ ማስረጃው ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን አለ።